ሁሴን የጻፈውን ለአህመድ አንስጥ



ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ እህታችን የመመረቂያ ጽሑፏን ዋቢዎች አብረን እንድናስተካክል ጠይቃኝ፣ ራጉኤል አካባቢ ባለው የአጎቷ ሱቅ ተገናኘን። ሐጂ ከእቃ መደርደሪያው ጀርባ ጠረጴዛ ለቀቁልን። ጽሑፏ ስለ ወሎ የእስልምና ትምህርት ታሪክ ነው፤ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ዋቢዎች አሉት። ስትጀምረው በታሪክ ተማሪዎች ልማድ በቺካጎ ስልት፣ በግርጌ ማስታወሻ ነበር የጻፈችው። ዲፌንሷ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን «ሁሉም በኤፒኤ ይሁን» የሚል መመሪያ ደረሳት።

እኛ ላፕቶፑ ላይ ስናፈጥ ሐጂ አንድ ደንበኛ በዱቤ የወሰደውን ይመዘግቡ ነበር። የደንበኛውን ስም ከነአባቱ፣ ከነሰፈሩ ጻፉ። እህታችን እየሳቀች «አጎቴ፣ አባቱን ብቻ ብትጽፍ አይበቃም?» አለቻቸው። ሐጂ ቀና ሳይሉ «አባቱ ምን ወሰደና!» አሉ። «ደግሞ እዚህ ሰፈር ስንት አህመድ አለ? ‘አህመድ’ ብዬ ብጽፍ ብሬን ከየትኛው ልቀበል ነው?»

እኔም ዝርዝሩን መልሼ አየሁት። ሐጂ ለአንድ ካርቶን ሳሙና የማያደርጉትን እኛ ለአንድ የታሪክ ምሁር የሕይወት ዘመን ሥራ አድርገነው ነበር። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም ይኸው ነው። የማጣቀሻ ስልት መቀየር የነጠላ ሰረዝና የቅንፍ ጉዳይ ይመስለናል፤ በእኛ አገር ግን አብሮ የሚቀየር ሌላ ነገር አለ፤ ማን እንደጻፈውና መቼ እንደተጻፈ። ኮምፒውተሩ ቅርጹን ይቀይርልናል። ስሙንና ዘመኑን ማስተካከል ግን የእኛ ሥራ ነው፤ ቅርጹ ከመቀየሩ በፊትም ማለቅ አለበት ባይ ነኝ።

አንድ ሰው፣ ሦስት ስም

የወሎን የእስልምና ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሴን አህመድን ሳይጠቅስ አያልፍም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩት እኚህ ምሁር ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ የጻፉት መጽሐፍ በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በብሪል አሳታሚ ወጥቷል። ከዚያ በፊት በ1992 በኢትዮጵያ የእስልምና ታሪክ አጻጻፍ ላይ ያወጡት ረጅም መጣጥፍም አለ። በእህታችን ዝርዝር ውስጥ ሁለቱ ሥራዎች የተመዘገቡት እንዲህ ነበር፤

```
Ahmed, Hussein. Islam in Nineteenth-Century Wallo, Ethiopia: Revival, Reform and Reaction. Leiden: Brill, 2001.

Hussein, A. "The Historiography of Islam in Ethiopia." Journal of Islamic Studies 3, no. 1 (1992): 15–46.
```

የመጀመሪያውን ከአንድ የመረጃ ቋት አውርዳዋለች፤ ቋቱ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ ከፊት አስቀምጦታል። ሁለተኛውን ራሷ ጻፈችው፤ የሰውየው ስም ሁሴን መሆኑን ስለምታውቅ «ሁሴን» ከፊት ይሁን አለች፤ ነገር ግን ነጠላ ሰረዝ ጨምራ የአባቱን ስም በአንድ ፊደል አሳጠረችው። በጽሑፉ መሐል ደግሞ ከአማካሪዋ የሰማችውን ተከትላ «ሁሴን አህመድ» እያለች ሙሉ ስሙን ትጠራለች።

በቺካጎ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ይህ ብዙም አይታይም ነበር፤ እዚያ የመጀመሪያው ማስታወሻ ሙሉ ስም ይይዛልና አንባቢው ይረዳዋል። ኤፒኤ ግን በጽሑፉ መሐል የሚያስቀምጠው አንድ ስምና አንድ ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ስልቱ በተቀየረበት ቅጽበት አንዱ ምሁር ለሁለት ተከፈለ፤

```
(Ahmed, 2001)
(Hussein, 1992)
```

ፈታኙ ይህን ሲያነብ ሁለት ሰዎች ይታዩታል። በዝርዝሩም አንዱ በኤ፣ ሌላው በኤች ፊደል ሥር፣ በገጾች ተራርቀው ይቀመጣሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ «አህመድ» የተባለው ሰው መጽሐፉን አለመጻፉ ነው። አህመድ አባታቸው ናቸው።

ይህ ችግር የእስልምና ታሪክ ብቻ አይደለም። ባሕሩ ዘውዴ «ዘውዴ»፣ ታደሰ ታምራት «ታምራት» እየተባሉ ሲጠቀሱ ሁላችንም አይተናል። እኛ ሙስሊሞች ዘንድ ግን አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ሙሐመድ፣ አህመድ፣ ሁሴን፣ ዓሊ፣ ኢብራሂም የሚሉ ስሞች በአባት ቦታ እጅግ ይደጋገማሉ። የአባትን ስም ከፊት አድርጎ የራስን ስም በአንድ ፊደል ማሳጠር ማለት፣ ሰውየውን የሚለየውን ስም ጥሎ ከብዙዎች ጋር የሚያመሳስለውን ማስቀረት ነው። «ሙሐመድ፣ ኤ.» አብዱ ሊሆን ይችላል፣ አሚናት ልትሆን ትችላለች፣ ዓሊ ሊሆን ይችላል። ሐጂ «ከየትኛው ልቀበል ነው?» ያሉት ይህንኑ ነው።

«ኤፒኤ እንዲህ ይላል» ለሚሉ

አማካሪዎችና ፈታኞች ብዙ ጊዜ «ኤፒኤ የቤተሰብ ስም ከፊት፣ የራስ ስም በምህጻር ይላል» ብለው ይመልሱናል። እውነት ነው፤ ያ ደንብ ግን የተጻፈው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። የኤፒኤ ሰባተኛው እትም መመሪያ ራሱ፣ ሊነጣጠል የማይችል ስም ያለው ደራሲ ሙሉ ስሙ በዝርዝሩም በጽሑፉ መሐልም ሳይገለበጥ እንዲጻፍ ያዛል። ለዚህ ከሚሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ማልኮም ኤክስ ነው። ማልኮምን «ኤክስ፣ ኤም.» ብሎ መጻፍ ስህተት መሆኑን የሚያውቅ መመሪያ፣ ሁሴን አህመድን «አህመድ፣ ኤች.» እንድንል አያስገድደንም። የኢትዮጵያዊ ስም ቤተሰባዊ አይደለም፤ የራስ ስም ነው፣ የአባት ስም የሚከተለው ለመለያ ነው። ሁለቱን ስንገለብጥ ትርጉሙ ይጠፋል።

በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍም ልማዱ የታወቀ ነው። ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ኢትዮጵያውያን ደራሲዎችን በራሳቸው ስም ነው የሚመዘግቧቸው፤ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም እንዲሁ። ስለዚህ ሙሉውን ስም ሳንገለብጥ መጻፍ የኛ ፈጠራ ወይም የስንፍና መንገድ አይደለም።

ሁለት ገደቦች ግን አሉ፤ እነሱንም ማክበር አለብን። የመጀመሪያው፣ በውጭ አገር የሚኖሩና የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የያዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ደራሲው በገዛ ሥራው ራሱን እንዲያ ከጠራ የእሱን ምርጫ እንከተላለን። ሁለተኛው፣ ይህ ደንብ ለዐረብ ሊቃውንት እንዳለ አይሠራም። ኢማሙ ነወዊ የሚታወቁት በትውልድ ቦታቸው ስያሜ ነው፤ ማንም «የሕያ» ብሎ አይፈልጋቸውም። እሳቸውን በ«ነወዊ» ሥር ማስቀመጥ ትክክል ነው። መለኪያው አንድ ነው፤ ሰውየው በየትኛው ስም ይታወቃል? አንባቢው በየትኛው ስም ይፈልገዋል?

ስሙን በአንድ ሳጥን ማስቀመጥ

እህታችን የምትጠቀመው ዞቴሮን ስለነበር ሥራውን በዚያ ላሳያችሁ። ዞቴሮ የደራሲን ስም ለመመዝገብ በተለምዶ ሁለት ሳጥን ይሰጣል፤ አንዱ ለቤተሰብ ስም፣ ሌላው ለራስ ስም። በኤፒኤ መሠረት ስሙን የሚገለብጠውና የሚያሳጥረው ሁለቱን ሳጥኖች እያየ ነው። ከስሙ ጎን ባለችው ትንሽ ምልክት ሁለቱን ሳጥኖች ወደ አንድ ማዋሃድ ይቻላል። አንድ ሳጥን ውስጥ የገባን ስም ዞቴሮ አይነካውም፤ እንዳለ ያትመዋል። ከተዋሃደ በኋላ ቅደም ተከተሉ የራስ ስም ከፊት፣ የአባት ስም ከኋላ መሆኑን ብቻ ተመልከቱ።

ይህን ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ደራሲ አደረግን። እዚሁ ላይ አጻጻፉንም አንድ አደረግን፤ አንዱ ቦታ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ቦታ በሁለት «ኤስ» የተጻፈ ሁሴን ለፕሮግራሙ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የመረጥነው ደራሲው በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ የተጠቀመበትን አጻጻፍ ነው። ውጤቱ ይህ ሆነ፤

```
Hussein Ahmed. (1992). The historiography of Islam in Ethiopia. Journal of Islamic Studies, 3(1), 15–46.

Hussein Ahmed. (2001). Islam in nineteenth-century Wallo, Ethiopia: Revival, reform and reaction. Brill.
```

በጽሑፉ መሐልም `(Hussein Ahmed, 1992, 2001)` ተብሎ አንድ ላይ መጣ። ከላይ ካለው ጋር ስታስተያዩት ሌሎች ለውጦችም ታያላችሁ። የኅትመት ከተማው ወጥቷል፤ ሰባተኛው እትም አይፈልገውም። ርዕሱም ከመጀመሪያው ቃል፣ ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ ከሚመጣው ቃልና ከተጸውዖ ስሞች በቀር በትንንሽ ፊደል ሆኗል። ይህን የመጨረሻውን ዞቴሮ በራሱ አያደርገውም። ርዕሱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ `Transform Text` ከዚያም `Sentence case` ትመርጣላችሁ፤ ቀጥሎ በዐይናችሁ ታያላችሁ፤ ወሎና ኢትዮጵያ በትንሽ ፊደል ከጀመሩ መልሳችሁ ታነሷቸዋላችሁ። መጣጥፉ የዲኦአይ ቁጥር ካለው ደግሞ በመዝገቡ ውስጥ አስገቡት፤ ኤፒኤ ይፈልገዋል፤ እኔ እዚህ ለማሳጠር ትቼዋለሁ። በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሰውየው ስም ተገልብጦ ቢገኝም በዲኦአዩ አማካይነት አንባቢው ትክክለኛውን መጣጥፍ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ግን ዞቴሮ ፈጽሞ አይነካላችሁም፤ እናንተው በእጃችሁ የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር። በእህታችን ጽሑፍ ውስጥ «አህመድ እንደሚከራከረው» የሚል ሐረግ በብዙ ቦታ ነበር። ቅንፉ ውስጥ ያለው ተስተካክሎ ከቅንፉ ውጭ ያለው ሳይስተካከል ከቀረ ሥራው ግማሽ ነው። በዎርድ መፈለጊያ የአባትየውን ስም እየፈለጋችሁ አንድ በአንድ ተመልከቱ። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ግን አትጫኑ፤ ስሙ በእውነት አህመድ የሆነ ሌላ ደራሲም አብሮ ይቀየርባችኋል።

1985 የቱ 1985?

ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ዘመን ነው። በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ካሉት የኪታብ ሱቆች ሦስት መጻሕፍት ብትገዙ ሦስት አቆጣጠር ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ የአማርኛው በኢትዮጵያ፣ የቤይሩቱ በሂጅራ፣ የእንግሊዝኛው በአውሮፓ። ቺካጎ ዓመቱን ከዋቢው መጨረሻ ያስቀምጠዋል፤ ኤፒኤ ግን ከስሙ አጠገብ አውጥቶ በጽሑፉ መሐል ይሰቅለዋል። ስህተቱም አብሮ ይሰቀላል።

በእህታችን ጽሑፍ ውስጥ የነበረውን ልንገራችሁ። ከደርግ መውደቅ በኋላ ስለተስፋፋው የሙስሊሞች ኅትመት በምትጽፍበት ምዕራፍ፣ አንድ የአማርኛ መጽሔት ጠቅሳ በቅንፍ 1985 ብላለች። በእኛ አቆጣጠር ትክክል ነው። ከጎኑ ያሉት ሌሎች ዋቢዎች ግን ሁሉም በአውሮፓ ናቸው። አንባቢው 1985ን እንደ አውሮፓውያን ከወሰደው መጽሔቱ የታተመው በደርግ ዘመን፣ የግል ፕሬስ በሌለበት ጊዜ ነው ማለት ነው፤ ከዚያም ክርክሯ በሙሉ ይናዳል። እውነታው ግን መንግሥት የተለወጠው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ማለትም በ1991፣ የፕሬስ አዋጁ የወጣው ደግሞ ጥቅምት 1985 ዓ.ም. ማለትም በ1992 ነው። መጽሔቱ የአዋጁ ማግስት ፍሬ ነው። አንድ ያልተቀየረ ዓመት ማስረጃውን ከራሷ ክርክር ጋር አጋጨባት።

መቀየሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን የምንል ቢሆንም የምንሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ሰባት ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ወሩ ከታወቀ ዓመቱ አንድ ነው፤ ጥቅምት 1985 ማለት 1992 ነው። ወሩ ካልታወቀ ግን አንዱን መርጦ መጻፍ መገመት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም፣ `1992/93` ብለን ጻፍን። የቤይሩት ኪታቦች ብዙ ጊዜ የሂጅራውንና የአውሮፓውን ዓመት ጎን ለጎን ስለሚያትሙ የታተመውን መውሰድ ነው። ሂጅራው ብቻ ከሆነ ግን አንዱ የሂጅራ ዓመት በሁለት የአውሮፓ ዓመቶች ላይ እንደሚያርፍ አስቡ፤ 1420 ሂጅራ የጀመረው ሚያዝያ 1999 አጋማሽ ላይ ሲሆን ያበቃው በ2000 ነው፤ እዚህም `1999/2000` ይባላል። በኪታቡ ሽፋን ላይ ከደራሲው ስም ጎን በቅንፍ የሚታየውን ዓመት ደግሞ እንዳትወስዱ፤ እሱ ብዙ ጊዜ ሊቁ የሞቱበት ዓመት ነው እንጂ የኅትመቱ አይደለም። 676 ሂጅራ ኢማሙ ነወዊ ያረፉበት ነው።

በዞቴሮ `Date` በሚለው ሳጥን የአውሮፓውን ዓመት ብቻ አስገባን፤ ፕሮግራሙ ቅደም ተከተል የሚያወጣው በእሱ ስለሆነና «ዓ.ም.» የሚለውን ስለማይረዳ። በሽፋኑ ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ወይም የሂጅራ ዓመት `Extra` በሚለው ሳጥን ለማስታወሻ መዘገብነው። ይህች ማስታወሻ አትናቅ፤ ከወር በኋላ «ይህን ቀይሬዋለሁ ወይስ አልቀየርኩትም?» ብላችሁ ስትጠራጠሩ የምትመልስላችሁ እሷ ናት። ሁለት ጊዜ የተቀየረ ዓመት፣ ለምሳሌ 1985 ወደ 1992፣ 1992ው ደግሞ ወደ 2000፣ ካልተቀየረው ይልቅ ለማግኘት ይከብዳል።

ሁለት ዓመት የያዘ መዝገብ እንዴት እንደሚታተም ከመጨረሻው ዝርዝር ላይ በዐይናችሁ አረጋግጡ። ፕሮግራሙ አንዱን ቆርጦ ከጣለው፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ቅጂ ላይ በእጅ ይጨመራል።

«ዝኒ ከማሁ» እና ሌሎች ወጥመዶች

ስሙና ዘመኑ ከተስተካከለ ስልቱን መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። በዎርድ የዞቴሮ ትር ውስጥ `Document Preferences` ገብታችሁ ኤፒኤን ትመርጣላችሁ። ከዚያ በፊት ግን የፋይሉን ቅጂ በሌላ ስም አስቀምጡ። ቀጥሎም በግርጌ ያለውን እያንዳንዱን ማስታወሻ ተመልከቱ።

እህታችን በብዙ ቦታ «ዝኒ ከማሁ» ብላ በእጇ ጽፋለች። ፕሮግራሙ ይህን እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚያየው፤ የቱን መጽሐፍ እንደሚያመለክት አያውቅም። ኤፒኤ ደግሞ «ዝኒ ከማሁ» የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱን ወደ ትክክለኛው ዋቢ መመለስ ነበረብን። አንዱ ላይ ስንደርስ ግን ቆምን። ከወራት በፊት በሁለት ማስታወሻዎች መካከል አንድ አዲስ ማስታወሻ አስገብታ ነበር፤ የታችኛው «ዝኒ ከማሁ» ከዚያ ጀምሮ ሳታውቀው ወደ ሌላ መጽሐፍ ያመለክት ነበር። መጽሐፉን አንስተን ገጹን አይተን ነው የለየነው። ስልት መቀየሩ ባይመጣ ይህ ስህተት ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ይገባ ነበር።

ማብራሪያ ያላቸውን የግርጌ ማስታወሻዎችም ለይታችሁ ያዙ። ከዋቢው ጋር ሁለት ዓረፍተ ነገር ሐተታ ካለበት፣ ሐተታው የትም እንዳይቀር ቅጂውን ከአዲሱ ጋር አስተያዩ።

ከተቀየረ በኋላስ ስህተት መቅረቱ በምን ይታወቃል? በጽሑፉ መሐል እነዚህን የመሰሉ ነገሮች ፈልጉ፤

```
(H. Ahmed, 2001)
(Hussein Ahmed, 2001a)
```

ከስሙ በፊት ድንገት የበቀለች አንድ ፊደል ካያችሁ፣ ኤፒኤ ተመሳሳይ የቤተሰብ ስም ያላቸውን ሁለት ደራሲዎች እየለየ ነው ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ከሌሉ፣ አንዱ ሰው በሁለት አጻጻፍ ተመዝግቧል፤ ወይም ሳጥኖቹ አልተዋሃዱም። ከዓመቱ ጎን ፊደል ካያችሁ ደግሞ ደራሲው በዚያ ዓመት ሁለት ሥራ አውጥቷል ማለት ነው፤ ካላወጣ ያው መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ገብቷል። ፕሮግራሙ ስህተታችሁን አያርምም፤ ግን በእነዚህ ምልክቶች ይጠቁማችኋል። መፍትሔው ከዎርድ ላይ ፊደሏን መሰረዝ አይደለም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሳ ትበቅላለች። ዞቴሮ ውስጥ ገብታችሁ መዝገቡን አስተካክሉ።

በመጨረሻም ዝርዝሩን አትማችሁ በእስክሪብቶ አንብቡት። እኛ ያደረግነው ቀላል ነው፤ እሷ ከጽሑፉ መሐል ስም ትጠራለች፣ እኔ ዝርዝሩ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሲያልቅ ምልክት ያላገኙ አሥራ አንድ ዋቢዎች ቀሩ፤ ከተሰረዙ አንቀጾች የተረፉ ነበሩ። ኤፒኤ በጽሑፉ ያልተጠቀሰን ሥራ በዝርዝሩ አይፈልግምና ወጡ።

ምን ይደረግ?

ይህን ሁሉ አንድ ተማሪ ብቻውን፣ ዲፌንሱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ማድረግ የለበትም። ሁለት ነገር ሐሳብ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ለእያንዳንዳችን ነው። በመመረቂያ ጽሑፋችን መግቢያ ገጾች ላይ አንድ አጭር ማስታወሻ እናስገባ፤ የኢትዮጵያውያን ደራሲዎች ስም ሳይገለበጥ በሙሉ እንደተጻፈና በራሳቸው ስም ፊደል እንደተደረደረ፣ የኢትዮጵያና የሂጅራ ዓመቶች ወደ አውሮፓ እንደተቀየሩ የምትገልጽ። በኢትዮጵያ ታሪክ ላይ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ይህችን ማስታወሻ ይይዛሉ። ፈታኙ ሳይገለበጥ የተጻፈውን ስም ሲያይ የዘነጋችሁት እንዳይመስለው፣ አስባችሁበት እንዳደረጋችሁት ይወቅ። ማስታወሻውን ከጻፋችሁ በኋላ ግን በሁሉም ዋቢ ላይ ተግብሩት፤ ግማሹ ተገልብጦ ግማሹ ሳይገለበጥ ከቀረ ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

ሁለተኛው ለጀመዓችን ነው። የድኅረ ምረቃ ክፍሉ ይህንኑ በጽሑፍ መመሪያው ውስጥ በአንድ አንቀጽ እንዲያካትት በማኅበራችን ስም እንጠይቅ። ጥያቄው የሙስሊም ተማሪዎች ብቻ ስላልሆነ የሌሎች ማኅበራት ወንድሞችና እህቶችም አብረውን እንደሚፈርሙ አልጠራጠርም፤ የባሕሩ ዘውዴም ስም እየተገለበጠ ነው። መልሱ እስኪመጣ ዋቢ መሰብሰብ የጀመራችሁ ተማሪዎች ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምራችሁ ሳጥኑን አዋህዱ። ሁለት መቶ ስም በአንድ ሳምንት ከማስተካከል፣ አንድ ስም ሲገባ ማስተካከል ይቀላል።

ሐዲሥ የተማረ ሰው ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። የሰነድ ሊቃውንት ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ዘጋቢዎች ለመለየት አባቱን፣ አያቱን፣ አገሩንና የሞተበትን ዓመት እያጣሩ ኪታቦች ጽፈዋል። በእነሱ ዘንድ የዘጋቢውን ስም በአባቱ ስም መተካት እንደ ስህተት ይቆጠር ነበር።

ወደ ማታ ሥራችንን ጨርሰን ላፕቶፑን ስንዘጋ ሐጂም ደብተራቸውን ዘጉ። «አለቀ?» አሏት።

«አልሐምዱሊላህ አለቀ፣ አጎቴ። ሁሉንም በየስሙ ጻፍነው።»

«በየስሙ ከሆነ ጥሩ ነው» አሉ ሐጂ። «ያለባችሁን ታውቁታላችሁ ማለት ነው።»